ዲግሪ የሌለው ዴቨሎፐር ባዮ፦ የሠራሁትን ሥራ እንዴት ማስረጃ ላድርገው? (ረቂቄን እዩልኝ)

ቦርከና_ማዶ · ኮምቦልቻ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ኮዲንግ የተማርኩት በራሴ ነው። አሁን ከርቀት ለሚሠራ የባክኤንድ ሥራ ላመለክት ስለሆነ የጊትሃብ ፕሮፋይሌን እያስተካከልኩ ነው። ረቂቁ ይሄው፦

> ፉል ስታክ ዴቨሎፐር ነኝ። ለቴክኖሎጂ ልዩ ፍቅር አለኝ፤ አዲስ ነገር በፍጥነት እለምዳለሁ፤ በቡድን መሥራት እወዳለሁ። ጃቫስክሪፕት፣ ታይፕስክሪፕት፣ ፓይተን፣ ፒኤችፒ፣ ጃቫ፣ ሪአክት፣ ኖድ፣ ላራቬል፣ ፍላተር፣ ዶከር፣ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግረስ፣ ሞንጎዲቢ። ፕሮጀክቶች፦ የኔትፍሊክስ ቅጂ፣ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ፣ ቱ-ዱ ሊስት፣ የሱቅ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የቴሌግራም ቦት።

ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ነው። ምን ይቀነስ? ምን ይጨመር? ዲግሪ እንደሌለኝስ ልጻፍ ወይስ ዝም ልበል?

---

ፈጣን_ጣት · ደሴ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:25

ዲግሪ የሚለውን ጭራሽ እንዳታነሳው። ቋንቋዎቹንም አትቀንስ፤ ቀጣሪዎች ሰው የሚፈልጉት በቁልፍ ቃል ነው፣ ያልጻፍከው አይገኝም። ጊትሃብ እስከ 6 ሪፖ ፒን ማድረግ ይፈቅዳል፣ ስድስቱንም ሙላቸው። ከሁሉም በላይ ግን አረንጓዴዎቹ ሳጥኖች ናቸው። በየቀኑ አንድም ቢሆን ኮሚት አድርግ፤ ባዶ ግራፍ ያየ ሰው ወደ ታች አይወርድም።

---

የሆጤዋ · ደሴ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:41

ወንድሜ፣ ለምን ሲኦሲ አትፈተንም? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ ዲግሪ ወይም ደረጃ 4 ከነብቃት ማረጋገጫው ይላል እንጂ ባዮ አምጣ የሚል የለም። ማስረጃህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

---

ቦርከና_ማዶ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:50

እህቴ አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ የማመለክተው የግል ድርጅቶች ጋ ነው፣ አብዛኞቹም ውጭ ያሉ ናቸው። ወረቀት ሳይሆን ሥራህን አሳየን ነው የሚሉት።

---

ሰኞ_ገበያ · ደሴ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:30

የሆጤዋ ያለችው ለሌላ በር ትክክል ነው። የመንግሥት ቅጥር ላይ ማመልከቻው መጀመሪያ የሚጣራው በትምህርት ማስረጃ ስለሆነ ባዮህን የሚያነብ ሰው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። እዚያ ባዮ አይረዳህም። አንተ የምታንኳኳው በር ግን ሌላ ነው።

ወደ ረቂቁ ልምጣ። ባዮውን የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የሠራኸውን ነገር በእርግጥ የሚጠቀምበት ሰው አለ ወይ? እሱንስ ቁጭ ባልኩበት ማየት እችላለሁ ወይ? "ፍቅር አለኝ"፣ "በፍጥነት እለምዳለሁ" የሚሉት ለሁለቱም መልስ አይሆኑም። ማንም ሊጽፋቸው ይችላል፣ ማንም ደግሞ ሐሰት ነው ብሎ ሊሞግትህ አይችልም፤ ስለዚህ ማስረጃ መሆን አይችሉም።

የኔትፍሊክስ ቅጂ፣ የአየር ሁኔታ እና ቱ-ዱ ይውጡ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከቪዲዮ እያዩ የሚሠሩ መልመጃዎች ናቸውና አንባቢው ያንኑ ኮድ ከሌላ መቶ ሰው ሪፖ ላይ አይቶታል። እነሱ ፊት ላይ ሲሰለፉ አራተኛው ላይ ያለው የሱቅ ሲስተምም መልመጃ ይመስላል። እኔም ስም ዝርዝሩን ሳነብ አልፌው ሄጄ ነበር።

እስቲ ስለ ሱቁ ሲስተም ንገረን። ስንት ሱቅ ይጠቀምበታል? ከመቼ ጀምሮ? መብራት ሲጠፋና ኔት ሲቋረጥ ሽያጩ እንዴት ይመዘገባል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ ከጀመረ በኋላ ምን ተበላሸ? አንተስ እንዴት አወቅህ? በእነዚህ መልሶች ውስጥ ነው ባዮህ ያለው።

---

ቦርከና_ማዶ · ረቡዕ ከጠዋቱ 1:15

እሺ። ሁለት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ናቸው፣ የአንድ ባለቤት፣ ሁለቱም ኮምቦልቻ። ከኅዳር 2017 ጀምሮ በየቀኑ እየሠራ ነው። ሻጮቹ በስልክ ይመዘግባሉ፣ ባለቤቱ በላፕቶፕ ያያል። ሽያጭ፣ ክምችት እና ዱቤ ይይዛል። ኔት ሲጠፋ ሽያጩ ስልኩ ላይ ይቀመጥና ኔት ሲመጣ ይላካል።

የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። በሁለተኛው ወር ሻጩ "የዘይት ፊልትሮ መደርደሪያው ላይ 14 አለ፣ ሲስተሙ 11 ይላል" አለኝ። ሳየው አንዳንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ስልኩ ሽያጩን ይልካል፣ ሰርቨሩ ይመዘግባል፣ ግን "ደርሶኛል" የሚለው መልስ ሳይመለስ ኔቱ ይቋረጣል። ስልኩ አልደረሰም ብሎ ያስብና ኔት ሲመጣ እንደገና ይልከዋል።

መጀመሪያ ያደረግኩት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ዕቃ በያው ብዛት ካገኘ ሁለተኛውን እንዲጥል ነበር። እሱ ደግሞ እውነተኛ ሽያጭ መጣል ጀመረ፤ ሁለት ሹፌሮች ተከታትለው መጥተው አንድ ዓይነት ፊልትሮ ሲገዙ አንዱ ይጠፋል። በመጨረሻ ስልኩ ሽያጩን ሲፈጥር የራሱን መለያ ቁጥር እንዲሰጠው አደረግኩ፤ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር አንዴ ካየው ዳግም አይቀበልም።

```sql
INSERT INTO sales (client_id, item_id, qty)
VALUES ($1, $2, $3)
ON CONFLICT (client_id) DO NOTHING;
```

`client_id` ላይ `UNIQUE` አለ። ከዚያ ወዲህ ድግግሞሽ አላየሁም።

---

ሰኞ_ገበያ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:05

ይሄን ጽሑፍ እንዳለ ያዘው። የመጀመሪያው መፍትሔህ ለምን እንዳልሠራ የጻፍከውን በተለይ እንዳትጥለው። ቪዲዮ አይቶ የጻፈ ሰው ትክክለኛውን መልስ ሊያውቀው ይችላል፤ "በደቂቃና በብዛት ማወዳደር እውነተኛ ሽያጭ ይጥላል" የሚለውን የሚያውቀው ግን ሻጭ ደውሎ የነገረው ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልህ ኢንጂነር ይህን ሲያይ ሁለት ጥያቄ ይጨምርልሃል፣ አንተም ሁለቱንም ትመልሳለህ።

አንድ ነገር ብቻ ላርም። "ድግግሞሽ አላየሁም" አትበል፤ ቆጥረህ ተናገር። ከለውጡ በኋላ ያሉትን ሽያጮች በወሩ መጨረሻ ባለቤቱ መደርደሪያ ሲቆጥር ከተገኘው ጋር አስተያየው፤ የተገኘውን ልዩነት ዜሮም ይሁን ሦስት እንዳለ ጻፈው። ልዩነት ካለ ደግሞ ምክንያቱ ሲስተሙ ላይሆን ይችላል፤ የተሰበረ ዕቃ፣ ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ ይኖራል። እሱንም ጻፈው።

---

ፈጣን_ጣት · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:30

ሁለት ሱቅ ግን ትንሽ አይመስልም? እኔ ብሆን "በመቶ የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች" እል ነበር። ዱቤ የወሰዱት ደንበኞችም እኮ ሲስተሙ ውስጥ አሉ።

---

ጦሳ_ግርጌ · ደሴ · ረቡዕ ከረፋዱ 4:20

ፈጣን_ጣት፣ ዱቤ የወሰደው ሰው ስሙ ተመዘገበ እንጂ ሲስተሙን አልተጠቀመም። "በመቶ የሚቆጠሩ" ስትል የሚመጣው ጥያቄ "እንዴት ቆጠርካቸው?" ነው፤ መልሱ ይህ ከሆነ የቀረው ባዮ ሁሉ ይጠረጠራል። "ሁለት ሱቅ፣ በየቀኑ፣ ከኅዳር 2017 ጀምሮ" ትንሽ ቁጥር ነው፣ ግን ማንም አያፈርሰውም። ልጆች ሲቀጠሩ ሥራቸውን የምገመግመው እኔ ነኝ፤ ትንሽ ቁጥር አስጨንቆኝ አያውቅም፣ ምንጩ ያልታወቀ ቁጥር ግን ያስጨንቀኛል።

ቦርከና_ማዶ፣ ፕሮፋይልህ ላይ ያሉትን ሊንኮች ከፍቼ አየኋቸው። ሁለት ነገር ቶሎ አስተካክል።

አንደኛ፣ ዴሞው አልከፈት ብሎኝ ነጭ ገጽ ላይ ቆሜ ነበር። ሞቷል ብዬ ዘጋሁት፤ ቆይቼ ስመለስ ሠራ። ነፃ ሰርቨር ላይ ነው ያስቀመጥከው አይደል? ሬንደርን የመሰሉ ነፃ አገልግሎቶች 15 ደቂቃ ጎብኚ ካጡ ሰርቨሩን ያስተኙታል፤ የሚቀጥለው ጎብኚ እስኪነቃ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። አንተ ስትሞክረው ሁልጊዜ ነቅቶ ስለምታገኘው አይታወቅህም። ከሥራ ፈላጊ ሃያ ሊንክ የሚከፍት ሰው ግን ያቺን ደቂቃ አይሰጥህም። ወይ በወር ትንሽ ከፍለህ እንዳይተኛ አድርገው፣ ወይ ከሊንኩ ጎን "መጀመሪያ ሲከፈት አንድ ደቂቃ ይፈጃል" ብለህ ጻፍና ከላይ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ አስቀምጥ። ቪዲዮው ላይ ስልኩን ከኔት አጥፍተህ ሽያጭ መዝግብ፣ ኔቱን መልስ፣ ላፕቶፑ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲገባ አሳይ። ከዚያ በላይ ምንም አታክልበት።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ከባድ ነው። `README` ላይ የለጠፍከው ስክሪንሹት የዱቤ ገጹ ነው፤ የሰዎች ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር እና ያለባቸው ብር በግልጽ ይነበባል። ዱቤ የሰው ገበና ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያን ገጽ የሚያነብ ሰው ግማሾቹን በመልክ ያውቃቸዋል። ለቀጣሪውም ቢሆን "ይህ ልጅ የደንበኞቼን መረጃ እንዲህ ያወጣዋል" የሚል ማስረጃ ነው የሚሆንበት። ዛሬውኑ አውርደው።

---

ቦርከና_ማዶ · ረቡዕ ከረፋዱ 4:45

ወላሂ ይሄን አላሰብኩትም። አሁኑኑ አጠፋሁት፤ ስሞቹን አደብዝዤ አዲስ ልለጥፍ ነው።

---

ጦሳ_ግርጌ · ረቡዕ ከረፋዱ 5:02

ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም። ጊት የድሮውን ኮሚት ስለሚይዘው ታሪኩን ወደ ኋላ የከፈተ ሰው ሥዕሉን እንዳለ ያገኘዋል። መጀመሪያ ሪፖውን ፕራይቬት አድርገው፤ ከዚያ ወይ በ`git filter-repo` ሥዕሉን ከታሪኩ አውጣው፣ ወይ ንጹሕ ኮዱን ብቻ ይዘህ አዲስ ሪፖ ክፈት። አዲስ ከከፈትክ የኮሚት ታሪክህን ታጣለህ፤ በዚህ ጉዳይ ይጥፋ።

ማደብዘዙንም ተወው። ዴሞ ዳታቤዝ አዘጋጅና በፈጠራ ስም ሙላው፤ 30 ዕቃ፣ 10 ባለ ዱቤ ይበቃል። ዕቃዎቹ ግን እውነተኛ ይሁኑ፦ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ። "ዕቃ 1፣ ዕቃ 2" ያለበት ዴሞ ማንም ያልተጠቀመበት ይመስላል።

የቦቱን ሪፖ ሳየው ደግሞ `.env` ፋይሉ አብሮ ተጭኗል፣ ውስጡ የቴሌግራም ቶክኑ አለ። እዚህ ላይ ፋይሉን ከማጥፋትህ በፊት ቶክኑን ሻረው፤ ቦትፋዘር ላይ `/revoke` ብለህ አዲስ ውሰድ። የተሻረ ቶክን ታሪኩ ውስጥ ቢቀር አይጎዳም።

---

ቧንቧ_ውሃ · ደሴ · ረቡዕ ከቀኑ 7:30

ይቅርታ፣ የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል ግን እዚሁ ልጠይቅ። እኔም ዲግሪ የለኝም፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ለአንድ ድርጅት ስለሆነ ኮዱ ሁሉ የእነሱ ነው። ሪፖ የለኝም፣ ስክሪንሹትም ማውጣት አልችልም። ምን ላሳይ? "ሦስት ዓመት ልምድ" ብዬ ብቻ ልለፈው?

---

ሰኞ_ገበያ · ረቡዕ ከቀኑ 8:10

አይ፣ አትለፈው። ኮዱን ሳታሳይ ችግሩን መግለጽ ትችላለህ፦ ምን ዓይነት ሥራ እንደነበር፣ ከቡድኑ ውስጥ አንተ የያዝከው የቱን ክፍል እንደሆነ፣ ምን እንደተበላሸና ለምን። ያን ከመጻፍህ በፊት ግን ድርጅቱን በስም መጥራት ትችል እንደሆነ ጠይቅ፤ ካልፈቀዱ "የደሴ አንድ አከፋፋይ" በቂ ነው።

ከዚያ ትንሽ ነገር ከዜሮ ጽፈህ ክፍት አድርግ። ትንሽ ስል በእርግጥ ትንሽ ይሁን፣ ግን እስከ መጨረሻው የተሠራ። እዚህ አገር ሲስተም የሠራ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ችግር አለ፦ የዘመን አቆጣጠር። ብዙ ኮድ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይጀምርና ከዚያ ቀን ይቆጥራል። 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረው 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እንዲያ የተጻፈ ኮድ 2016ን ሙሉ አንድ ቀን ይቀድማል። የዱቤ መክፈያ ቀን ላይ ከሆነ ደንበኛው ጋ ጠብ ነው። የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ስለሆነ በመሀል ያሉት ዓመታት ላይ ብትፈትነው ትክክል ይመስልሃል። ስለዚህ ቴስቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል፦

```js
test('መስከረም 1, 2016', () => {
  expect(toGregorian(2016, 1, 1)).toBe('2023-09-12');
});
test('ጳጉሜን 6, 2015', () => {
  expect(toGregorian(2015, 13, 6)).toBe('2023-09-11');
});
test('ጳጉሜን 6, 2016 የለም', () => {
  expect(() => toGregorian(2016, 13, 6)).toThrow();
});
```

ይህን ያየ ሰው አማርኛ ባያነብም ሦስተኛው ቴስት ምን እንደሚል ይገባዋል። የሌለ ቀን ሲመጣ በዝምታ ሌላ ቀን ከመስጠት እምቢ ማለት እንዳለበት አስበሃል ማለት ነው። አንድ ፋይል ኮድ፣ አንድ ፋይል ቴስት፣ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ። ሦስት ዓመት የሠራኸውን አይተካም፤ እንዴት እንደምታስብ ግን ያሳያል።

---

ቧንቧ_ውሃ · ረቡዕ ከቀኑ 8:25

የእኛም ሲስተም 2016 ላይ አንድ ቀን ይዛባ ነበር፤ እኛ ግን በእጅ አንድ ቀን ቀንሰን አለፍነው።

---

ሰኞ_ገበያ · ረቡዕ ከቀኑ 8:31

ያ ቅነሳ አሁንም ኮዱ ውስጥ ካለ 2017 ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ሄደህ እየው።

---

ፈጣን_ጣት · ረቡዕ ከምሽቱ 1:40

ስለ ቁጥሩ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ስለ አረንጓዴው ሳጥን ግን አልተመለሰልኝም። የቦርከና_ማዶን ግራፍ አየሁት፣ ባዶ ነው። ዓመት ሙሉ ሲስተም ሠራሁ የሚል ሰው ግራፉ ባዶ ሲሆን ሰው አያምነውም እኮ።

---

ቦርከና_ማዶ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:52

እኔንም ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። ኮሚት ሳላደርግ የዋልኩበት ሳምንት የለም።

---

ጦሳ_ግርጌ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:15

ሪፖው ውስጥ ገብተህ ይቺን ጻፍ፦

```
git log --format='%ae' | sort | uniq -c
```

የሚወጣው ኢሜይል ጊትሃብ አካውንትህ ላይ ያለው ካልሆነ ጊትሃብ ኮሚቱ የአንተ መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ አይቆጥርልህም። ኢሜይሉ የድሮ ግን የአንተው ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ጨምረውና አረጋግጠው፤ ያለፉት ኮሚቶችም ወደ አንተ ይመጣሉ። በ`.local` የሚያልቅ የኮምፒውተር ስም ከሆነ ግን መጨመር አይቻልም። ለወደፊቱ `git config --global user.email` ላይ ትክክለኛውን አስገባ።

ፈጣን_ጣት፣ ግማሽ እውነት አለህ፦ ባዶ ግራፍ ጥያቄ ያስነሳል። የሞላ ግራፍ ግን መልስ አይሆንም። በየቀኑ `README` ላይ ነጥብ እየጨመሩ የሚሞሉት እንዳሉ የሚገመግም ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግራፉን ትቼ የአንድ ሪፖ ኮሚቶችን አነባለሁ። "ማስተካከያ"፣ "ማስተካከያ 2"፣ "የመጨረሻ" የሚል ሰልፍ ምንም አይነግረኝም። "ተደጋጋሚ ሽያጭ እንዳይገባ client_id ጨመርኩ" የሚል አንድ መስመር ብዙ ይነግረኛል።

---

ፈጣን_ጣት · ረቡዕ ከምሽቱ 2:28

እሺ፣ ቁልፍ ቃሉስ? ሦስት ቋንቋ ብቻ ከጻፈ ፍለጋ ላይ አይወጣም።

---

ሰኞ_ገበያ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:50

የቁልፍ ቃል ቦታው ሊንክድኢን ላይ ያለው የክህሎት ክፍልና ሲቪው ነው፤ እዚያ ዘርዝር። መለኪያው አንድ ነው፦ የጻፍከው ቋንቋ ከሪፖዎችህ በአንዱ ውስጥ መገኘት አለበት። ጃቫ ብለህ ጽፈህ አንድ የጃቫ ፋይል ካልተገኘ፣ ቃለ መጠይቁ ከጃቫ ይጀምርና ቦርከና_ማዶ በሚያውቀው ነገር ሳይጠየቅ ያልቃል። የጊትሃብ ባዮ ግን 160 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ በአሥራ ሦስት የቴክኖሎጂ ስም ከሞላኸው ለሥራው ቦታ የለም።

ስለ ፒኑም፦ ስድስት ይፈቀዳል ማለት ስድስት ይሙላ ማለት አይደለም። የሱቁ ሲስተም አንደኛ፣ ቦቱ (ቶክኑ ከተሻረ በኋላ) ሁለተኛ። ሁለት ይበቃሃል። አንባቢው ስድስት ካየ የቱን እንደሚከፍት የሚመርጠው እሱ ነው፤ የአየር ሁኔታውን ሊከፍት ይችላል።

---

ቦርከና_ማዶ · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:00

ኢሜይሉ ነው፤ የድሮ ኢሜይሌ ነበር፣ ጨመርኩት፣ ግራፉ ተሞላ። አዲሱ ባዮ፦

> ኮምቦልቻ ውስጥ 2 የመለዋወጫ ሱቆች ከኅዳር 2017 ጀምሮ በየቀኑ የሚጠቀሙበትን የሽያጭና ዱቤ ሲስተም ሠርቻለሁ፤ ያለ ኔትም ይመዘግባል። ኖድ፣ ሪአክት፣ ፖስትግረስ። በራሴ የተማርኩ።

የሱቁ ሪፖ መግቢያ ደግሞ፦

> ችግሩ፦ ሽያጭ በደብተር ይመዘገብ ነበር፤ ሁለቱ ሱቆች አንዱ የሌላውን ክምችት አያውቅም። ኔት በቀን ውስጥ ይቋረጣል።
> የእኔ ድርሻ፦ ዳታቤዙን፣ ሰርቨሩንና የስልኩን መተግበሪያ ብቻዬን ሠርቻለሁ። የላፕቶፑ ገጽ ዲዛይን ከነፃ ቴምፕሌት የተወሰደ ነው።
> የተበላሸው፦ መልስ ሳይደርስ ኔት ሲቋረጥ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይገባ ነበር። በሰዓትና በብዛት ማወዳደር እውነተኛ ሽያጭ ስለጣለ ተውኩት፤ ስልኩ ለእያንዳንዱ ሽያጭ መለያ እንዲሰጥ አደረግኩ። ከለውጡ በኋላ በነበሩ ሁለት የወር መጨረሻ ቆጠራዎች በድግግሞሽ የመጣ ልዩነት አልተገኘም፤ 3 ዕቃ ጎድሎ ሁለቱ ሳይመዘገቡ የወጡ፣ አንዱ የተሰበረ ነበር።
> ገደቡ፦ ሁለት ሻጮች ያለ ኔት ሆነው የመጨረሻዋን አንድ ዕቃ ቢሸጡ ሲስተሙ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ክምችቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ለባለቤቱ ያሳውቃል።

ባለቤቱ የሱቁን ስም አትጥራ ብሏል፤ ቀጣሪ ደውሎ ቢጠይቀው ግን ለመመስከር ፈቃደኛ ነው። ስልኩን ገጹ ላይ አላስቀምጥም፣ ሲጠየቅ ብቻ እሰጣለሁ።

---

የሆጤዋ · ደሴ · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:20

አሁን ገባኝ የፈለግከው። ቴምፕሌቱን መጥቀስህ ግን ለምን አስፈለገ? ራስህን ዝቅ ማድረግ አይመስልም?

---

ጦሳ_ግርጌ · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:45

እህቴ፣ ቴምፕሌቱን የሚያውቅ ሰው ገጹን ባየ ጊዜ ይለየዋል። ቀድሞ ከተጻፈ የቀረውን "ብቻዬን ሠርቻለሁ" ያምነዋል፤ ካልተጻፈ ሁሉንም ይጠረጥራል። ገደቡን መጻፉም እንደዚያው ነው፤ የመጨረሻዋን ዕቃ ጉዳይ እኔ ልጠይቀው ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ከቦርከና_ማዶ ጋር ላልስማማ ነው። "በራሴ የተማርኩ" የሚለውን ከባዮው አወጣው ነበር። ዲግሪ ካስፈለጋቸው ማመልከቻ ቅጹ ላይ ይጠይቃሉ፣ እዚያ እውነቱን ይመልሳል። ባዮው ላይ ሲሆን ግን አንባቢው ሥራውን ከማየቱ በፊት ስለሌለው ነገር ያስባል።

---

ሰኞ_ገበያ · ሐሙስ ከረፋዱ 4:10

እኔ ደግሞ "በራሴ የተማርኩ" ይቆይ እላለሁ፤ መጨረሻ ላይ መሆኑም ጥሩ ነው። ዝም ሲባል አንባቢው ትምህርት የሚለውን ክፍል ሄዶ ይፈልጋል፣ ባዶ ሲያገኘው የተደበቀ ነገር ይመስለዋል። ሁለት ቃል ያን ፍለጋ ያስቀርለታል። በአንዱ ግን እንስማማለን፦ ባልተማሩበት ዩኒቨርሲቲ "ተምሬያለሁ" ብሎ መጻፍ፣ ወይም የሁለት ሳምንት የኦንላይን ኮርስን የትምህርት ክፍል ውስጥ ዲግሪ እንዲመስል ማስገባት አይሆንም። ትምህርት ማስረጃ ሲጣራ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፣ የሱቁንም ሥራ ይዞት ይወድቃል።

ሌላ፣ ዴሞውን ሞከርኩት። አሁን ቶሎ ይከፈታል። የዱቤ ገጹ ላይ "ኃይሉ" ብዬ መዘገብኩና "ሀይሉ" ብዬ ስፈልገው አላገኘውም፤ አዲስ ደንበኛ ልክፈት ወይ አለኝ። አንዱ ሻጭ በኃ፣ ሌላው በሀ ከጻፈ የአንድ ሰው ዱቤ ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። እውነተኛው ዳታቤዝ ላይ እንዲህ የተከፈለ ስም ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።

---

ቦርከና_ማዶ · ሐሙስ ከቀኑ 9:35

አራት ሰው አገኘሁ። ሁለቱ በሀ እና በኃ፣ አንዱ በሰ እና በሠ፣ አንዱ በአ እና በዐ። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ አምድ ጨምሬ ስሙ ሲገባ ሐ፣ ኀ እና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እንዲለወጡ እያደረግኩ ነው፤ ሌሎቹ የፊደሉ ዘሮችም እንዲሁ። የሚታየው ስም ግን ሻጩ እንደጻፈው ይቀራል። የአራቱን ሂሳብ ራሴ አላዋህድም፣ ባለቤቱ አንድ በአንድ አይቶ ያረጋግጥልኛል፤ ሁለት የተለያዩ ኃይሉዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

እስኪያልቅ ድረስ ግን "ገደቡ" የሚለው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። "በራሴ የተማርኩ" የሚለውን ለጊዜው ባለበት ትቼዋለሁ።